መንኮራኩር፣ ኮከብ፣ ጨረቃ፦ ስላልለየለት ፍቅር ሦስት ካርታዎች የሚሉትና የማይሉት

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ቲክቶክ የሚነካካ ሰው አንድ ቦታ ላይ እሷን ማግኘቱ አይቀርም። ፊቷ አይታይም። የሚታየው ጥቁር ጨርቅ፣ አንድ ሻማና ካርታ የሚበውዙ ረጃጅም ጥፍሮች ናቸው። «ይህ ቪዲዮ የደረሰሽ በአጋጣሚ አይደለም» ትላለች። ከዚያ ሦስት ካርታ ትዘረጋና የምታስቢው ሰው ሊመለስ እንደሆነ፣ ወይም ከጀርባሽ አንድ ነገር እየሠራ እንደሆነ ትናገራለች። ከሥር ያለው አስተያየት «ተቀብያለሁ» እና «አሜን» በሚሉ ቃላት ይሞላል። (ለታሮት ካርታ «አሜን» ማለት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆይ።)

በፍቅር ጥያቄ ላይ ሲወጡ አንባቢዎችን ክፉኛ ከሚያሳስቱ ሰልፎች አንዱ የዕድል መንኮራኩር፣ ኮከብ እና ጨረቃ በዚሁ ቅደም ተከተል ሲመጡ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነበበው እንዲህ ተብሎ ነው፦ ዕድል አገናኛችሁ፣ ተስፋ አደረግሽ፣ ሰውየው ግን እያታለለሽ ነው። ይህ ንባብ ስህተት ነው። ስህተት የሚሆነው ካርታ እውነት ይናገራል ከሚል እምነት ተነሥቶ አይደለም፤ በካርታው በራሱ ሕግ ቢመዘንም ሥዕሎቹ ላይ የሌለ ነገር መጨመር ስለሆነ ነው።

ስለ ካርታዎቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ታሮት 78 ካርታ አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ 22ቱ ዐቢይ የሚባሉት፣ ስምና ቁጥር ያላቸው ሥዕሎች ናቸው። መንኮራኩር 10ኛው፣ ኮከብ 17ኛው፣ ጨረቃ 18ኛው ነው። መነሻቸው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ሲሆን የተሠሩትም ለጨዋታ ነበር። ለጥንቆላ በሰፊው መዋል የጀመሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ ነው። ዛሬ በየስልኩ የሚታየው ሥዕል ደግሞ በ1909 በለንደን የታተመው ነው፤ አሳቡ የአርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ሥዕሉ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ። የግብፅ ፈርዖኖች ምስጢር ነው የሚለው ወሬ በዚያው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የተፈበረከ ነው።

አሁን ሦስቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ይቀመጡ።

መንኮራኩሩ በደመና መካከል ተንሳፏል። በአንድ ጎኑ እባብ ይወርዳል፣ ከሥሩ የቀበሮ ራስ ያለው ፍጡር ይነሣል፣ ከላዩ ሰይፍ የያዘ ስፊንክስ ተቀምጧል። በአራቱ ማዕዘን ደግሞ ክንፍ ያላቸው አራት ፍጥረታት መጽሐፍ ይዘው ያነባሉ፦ የሰው መልክ ያለው፣ ንስር፣ አንበሳና በሬ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ ሁሉ እነዚህን ያውቃቸዋል። ከሕዝቅኤልና ከዮሐንስ ራእይ የመጡት፣ ኅዳር 8 ቀን የሚታሰቡት አርባዕቱ እንስሳ ናቸው። በዚህ ሥዕል ላይ መንኮራኩሩን የሚያዞሩት እነሱ አይደሉም። ዙሪያው ሲሽከረከር እነሱ ማዕዘናቸውን ይዘው ያነባሉ።

በኮከቡ ሥዕል ላይ አንዲት ራቁቷን ያለች ሴት በኩሬ ዳር ተንበርክካለች። አንድ እግሯ ውኃው ላይ፣ ጉልበቷ መሬት ላይ ነው። በሁለት እጆቿ ሁለት ማሰሮ ይዛ አንዱን ወደ ኩሬው፣ ሌላውን ወደ መሬት ታፈስሳለች። ከበላይዋ አንድ ትልቅና ሰባት ትናንሽ ኮከቦች አሉ። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፦ ሴትየዋ ኮከቦቹን አታይም። ዓይኗ ያለው የምታፈስሰው ውኃ ላይ ነው።

በጨረቃው ሥዕል ላይ ኩሬ አሁንም አለ፣ ሴትየዋ ግን የለችም። በእሷ ቦታ ሸርጣን መሰል ፍጡር ከውኃው ይወጣል። ውሻና ተኩላ ወደ ላይ ይጮኻሉ። ከኩሬው የተነሣ ቀጭን መንገድ በሁለት ግንቦች መካከል አልፎ ወደ ተራራ ይሄዳል። ጨረቃዋ ፊት አላት፤ ፊቷም ወደ ታች ያዘነበለ ነው።

በሦስቱም ላይ ሁለት ሰዎች አብረው የሉም። ታሮት ጥንዶችን መሳል አያውቅም እንዳይባል «ፍቅረኞች» የሚባል 6ኛ ካርታ አለ፤ ከትናንሾቹም «ሁለት ጽዋ» የሚባለው ላይ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ጽዋ ያነሣሉ። እዚህ ግን በመንኮራኩሩ ላይ ጥንድ ቀርቶ አንድ ተራ ሰው የለም፤ በኮከቡ ላይ አንዲት ሴት ብቻ አለች፤ በጨረቃው ላይ እሷም ጠፍታለች። ስለዚህ «እሱ እንዲህ አስቧል» የሚል አንባቢ ከየትኛው ሥዕል አየው? «እሱ» የሚባል ሰው በሰልፉ ውስጥ አልተሳለም። ሰልፉ ስለ አንድ ወገን ነው፤ ስለ ጠያቂዋ።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ሰሚ ልዩ የሆነ ወጥመድ አለ። የሦስቱም ካርታዎች ስም ወደ አማርኛ ሲመጣ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። «ዕድል» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚሰማው የተጻፈለትን፣ አስቀድሞ የተቆረሰለትን ድርሻ ነው። የካርታው መንኮራኩር ግን የተጻፈ ነገር አይደለም። በጥንቶቹ የጣሊያን ካርታዎች ላይ መንኮራኩሩ ሰዎችን ተሸክሞ ነበር፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ከላይ ነግሦ ተቀምጧል፣ አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ከሥር ተደፍቷል። የሚናገረውም «ይህ ያንቺ ነው» ሳይሆን «ይህ ይዞራል» ነው። «ኮከብ» ደግሞ ይብሳል። «ኮከባቸው ገጠመ» የሚል ቋንቋ ያለው ሕዝብ፣ በአውደ ነገሥት ስምንና የእናትን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ በ12 እየገደፈ ኮከብ የሚያወጣ ባህል ያለው ሕዝብ፣ በፍቅር ጥያቄ ላይ ኮከብ ሲወጣ «ገጥመናል ማለት ነው» ቢል አይፈረድበትም። የካርታው ኮከብ ግን የማንንም መግጠም አይቆጥርም። ጨረቃስ? በአማርኛ ቆንጆ ልጅ «ጨረቃ የመሰለች» ናት። በካርታው ትምህርት ግን ጨረቃ ከማይወደዱት ካርታዎች አንዷ ናት። እንግዲህ ያው ሰልፍ ለአንዷ «የተጻፈልሽ፣ የገጠመሽ፣ ያማረልሽ» ሆኖ ሲሰማ፣ የእንግሊዝኛውን መምሪያ ላነበበችው «ተጠንቀቂ» ሆኖ ይነበባል። ሁለቱም ሥዕሉን አላዩም።

መምሪያውም ቢሆን የታመነ ዳኛ አይደለም። ዌይት ራሱ ከካርታዎቹ ጋር ባወጣው መጽሐፍ ለኮከብ በመጀመሪያ የሰጠው የንባብ ትርጉም ማጣት፣ ስርቆትና መተው ነው። ተስፋ የሚለውን ያስከተለው ሌላ ንባብ ነው ብሎ ነው። ዛሬ ግን ኮከብን «መተው» ብሎ የሚያነብ ሰው እምብዛም አይገኝም። ለጨረቃ የሰጠው የተደበቀ ጠላት፣ ሐሜት፣ ማታለልና ስህተት ደግሞ እስከ ዛሬ ሙሉውን ይነበባል። ከአንዱ ካርታ ክፉው ተጥሎ በጎው ሲቀር፣ ከሌላው ክፉው ብቻ ቀረ። «ጨረቃ ማለት ሌላ ሴት ማለት ነው» የሚለው ድፍረት የመጣው ከዚህ ነው።

ነገሩ በአንድ ታሪክ ላይ ቢታይ ይሻላል። አንዲት የ31 ዓመት መምህርት፣ አዲስ አበባ። ሰውየውን ያገኘችው ሰርግ ላይ ነው፤ እሷ ሚዜ ነበረች፣ እሱ ደግሞ በመጨረሻ ሰዓት በቀረ ሚዜ ፋንታ የገባ። ዱባይ ይሠራል፤ ለሦስት ሳምንት ፈቃድ ነበር የመጣው። ከሄደ በኋላ ለአምስት ወር በየማታው ይደውል ነበር። ባለፉት ሁለት ወራት ጥሪው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በዘጠኝ ቀን አንድ ጊዜ ሆነ። ሲያወራ ጣፋጭ ነው፤ «ሽማግሌ እልካለሁ» ይላል፣ ቀን ግን አይናገርም። ጓደኛዋ ከኢንተርኔት ታሮት ተምራለች። አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ሳለ ካርታው ወጣ፦ መንኮራኩር፣ ኮከብ፣ ጨረቃ።

የጓደኛዋ የመጀመሪያ ቃል «አንቺ፣ ሦስቱም ዐቢይ! ይህ ተራ ነገር አይደለም» የሚል ነበር። ሁለተኛው፦ «ሌላ ሴት አለች።»

ሁለቱንም መመርመር ይቻላል። ከ78 ካርታ ሦስቱን በቅደም ተከተል ለማውጣት 456,456 መንገድ አለ። ይህ ቁጥር ሲነገር «እንግዲያስ እነዚህ ሦስቱ በዚህ ቅደም ተከተል መውጣታቸው ተአምር ነው» ያሰኛል። ነገር ግን ማንኛውም ሦስት ካርታ፣ የትኛውም ቢወጣ፣ ዕድሉ ያው ከ456,456 አንድ ነው። አንድ ነገር መውጣቱ ደግሞ ግድ ነበር። «ሦስቱም ዐቢይ» የሚለውም ሲሰላ ከመቶ ሁለት ጊዜ ያህል የሚሆን ነገር ነው። በቀን ሃምሳ ሰው የምታነብ ሴት በአማካይ በየቀኑ አንድ «ተራ ያልሆነ» ሰልፍ ታያለች።

«ሌላ ሴት አለች» የሚለውስ? በጠረጴዛው ላይ ያለ ማስረጃ ከዘጠኝ ቀን ዝምታ አያልፍም። ዘጠኝ ቀን ደግሞ የሌላ ሴት ሊሆን ይችላል፣ የሌሊት ፈረቃ ሊሆን ይችላል፣ የሥራ ውል ማለቅና ለመናገር ማፈር ሊሆን ይችላል። ካርታው ከእነዚህ አንዱን ከሌላው የሚለይበት ምንም መንገድ የለውም። አንባቢዋ ግን አንዱን መረጠች፤ የመረጠችውም ሰሚዋ አስቀድማ የፈራችውን ነው። ስለዚህ ነው «እንዴት አወቅሽ?» የሚያሰኘው። በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ «የየራሳችሁ ባሕርይ» ብሎ ጽሑፍ ሰጣቸው፤ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠየቁ አማካዩ 4.26 ሆነ። ለሁሉም የተሰጠው ጽሑፍ ግን አንድ ዓይነት ነበር። አጠቃላይ የሆነን ቃል የግል የሚያደርገው ሰሚው ነው።

እና ይህ ሰልፍ በሥርዓት ቢነበብ ምን ይላል?

መንኮራኩሩ የሚናገረው ስለ መገናኘት መንገዱ ነው። ሚዜ ቀረ፣ ሌላ ሚዜ ገባ። ሰውየው በዚያ ቀን እዚያ የተገኘው መርጧት አይደለም፤ እሷም መርጣው አይደለም። ይህ ነገሩን አያረክሰውም፣ ብዙ ጥሩ ትዳር እንዲህ ተጀምሯል። ግን ያ ቀን የሁለቱ ውሳኔ ተብሎ ሊቆጠር አይችልም። ሴትየዋ በሐሳቧ «እግዜር ነው ያገናኘን» እያለች ያንን ቅዳሜ እንደ ቃል ኪዳን ይዛዋለች። ካርታው፣ በጥንቃቄ ከታየ፣ የሚጠይቃት ይህን ነው፦ ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ በራሱ ፈቃድ የወሰነው ነገር የትኛው ነው? አምስት ወር ሙሉ በየማታው መደወል ውሳኔ ነው። ባለፉት ሁለት ወራትስ?

ኮከቡ ስለምታፈስሰው ነገር ነው። እዚህ ላይ መምህርቷ ብዙ የምትቆጥረው ነበራት። ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ነቅታ መጠበቅ፣ በሚሄድ ሰው ሁሉ በርበሬና ሽሮ መላክ፣ ሌላ ከተማ የተገኘላትን የተሻለ ሥራ «እሱ ሲመጣ ይታያል» ብሎ መተው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀላል ናቸው፤ ሦስተኛው ከባድ ነው። በሥዕሉ ላይ ማሰሮው ሁለት ነው፤ አንዱ ወደ ኩሬው፣ አንዱ ወደ መሬት ይፈስሳል። ወደ ኩሬ የፈሰሰው ውኃ ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ አይታይም፤ ወደ መሬት የፈሰሰው ግን ቦይ ሆኖ ይታያል። ኮከብን «ተስፋ» ብሎ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ይዘልለዋል። ከተስፋ ሌላ፣ ሴትየዋ ምን ያህሉን ወደ እሱ፣ ምን ያህሉን ወደ ራሷ ኑሮ እያፈሰሰች እንደሆነ የሚጠይቅ ሥዕል ነው። መምህርቷ ሁለቱንም ማሰሮ ወደ ኩሬው አዙራለች።

ከዚያ ጨረቃ። ጨረቃ ጨለማ አይደለችም፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ አንባቢ የሚስተው። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ ሙሉ ጨረቃ ባለበት ሌሊት መንገዱ ይታያል፣ የሚመጣ ሰው መኖሩም ይታያል። ማን እንደሆነ ግን አይለይም። ጉቶውም ጅብ ይመስላል። ጨረቃዋ ስትደምቅ ደግሞ ትናንሾቹ ኮከቦች ይጠፋሉ። ውሻና ተኩላም በጨረቃ ብርሃን በጥላቸው አይለዩም፤ አንዱ የቤት ነው፣ አንዱ የዱር። የዘጠኝ ቀን ዝምታ ውሻም ሊሆን ይችላል፣ ተኩላም። «ተኩላ ነው» የሚል አንባቢ ከብርሃኑ በላይ አየሁ እያለ ነው። «ውሻ ነው፣ አትፍሪ» የሚለውም ያው ነው።

በአዲስ አበባ ቋንቋ ለዚህ ሁኔታ የተሻለ ቃል አለ፤ የጨረቃ ቤት። በሌሊት ተሠርቶ ያደረ ቤት። ግድግዳ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ ሰው ይኖርበታል፣ ቡና ይፈላበታል። የሌለው ካርታ ነው። ነዋሪው ውሸታም አይደለም፣ ቤቱም ቅዠት አይደለም፤ ግን ነገ ግሬደር ቢመጣ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። የመምህርቷ ፍቅር ይህን ይመስል ነበር፤ ሰውየው ቢወዳትም ባይወዳትም።

ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚለውጥ ለማየት ሰልፉን ማገላበጥ ይበቃል። ጨረቃ መጀመሪያ፣ ኮከብ ቀጥሎ፣ መንኮራኩር መጨረሻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ካለመለየት ተነሥቶ ወደ ግልጽነት፣ ከዚያ ወደ ለውጥ የሚሄድ ነው። ሦስቱም ያው ካርታዎች ናቸው፤ የሚነበበው ግን በሌላ አቅጣጫ ነው። በወጣው ሰልፍ ግን ጨረቃ የመጨረሻዋ ናት። ካርታዎቹን «ያለፈ፣ አሁን፣ የሚመጣ» ብሎ በሣጥን የሚደረድር ሰው ጨረቃን የሚመጣው ሣጥን ውስጥ ያገኛትና «ወደፊት ትታለያለሽ» ይላል። ሣጥን ሳያበጅ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው ደግሞ ጨረቃ የምትለው «እስካሁን የታየው እዚህ ድረስ ነው» እንደሆነ ያያል። ሁለተኛው ንባብ ይሻላል፤ ምክንያቱም ያልታየውን አየሁ አይልም። በተራው ከጨረቃ ቀጥሎ 19ኛው ካርታ ፀሐይ ነው፤ ያ ግን በዚያ ቅዳሜ አልወጣም፣ ስላልወጣ ካርታም ማውራት አይገባም።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። ጠያቂዋ መልሱ ስላልጣማት «አንድ ጊዜ ድገሚው» ትላለች። ሲደገም ሌላ ሦስት ይወጣል፣ ሲሠለስ ሌላ። አምስተኛው ላይ የምትፈልገው ሲመጣ «አየሽ!» ይባላል፤ የፊተኞቹ አራት ይረሳሉ። ከፋይ ባለበት ቦታ ደግሞ ይብሳል። ጨረቃ ወጣች፣ ስለዚህ የሆነ ሰው መተት አሠርቶብሻል፣ ለማፍረስ ይህን ያህል ላኪ። ካርታ አንብቦ መፍትሔውንም ራሱ የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥም ንባቡ እዚያው ላይ አብቅቷል፤ የቀረው ንግድ ነው። ሌላው ምልክት፦ ጥሩ አንባቢ ስትናገር ዐረፍተ ነገሯ «አንቺ» ላይ ይጀምራል፤ መጥፎዋ «እሱ» ላይ።

የሃይማኖት አባቶች ይህ ሁሉ ከመጀመሪያውም ጥንቆላ ነው፣ አይነካም ይላሉ። አቋማቸው ግልጽ ነው፤ አማኝ የሆነ ሰው በዚያ ቢያቆም ከዚህ ሁሉ ሐተታ ያርፋል። ችግሩ ግን ቪዲዮውን «አሜን» እያሉ የሚያዩት ብዙዎቹ እነዚያው አማኞች መሆናቸው ነው፤ ለእነሱ «ኃጢአት ነው» ብቻ ሳይሆን «ሥዕሉም እንዲያ አይልም» የሚለውም ሊነገራቸው ይገባል።

የመምህርቷ ጓደኛ «ሌላ ሴት አለች» ያለችውን ያነሣችው ራሷ ናት። ሁለተኛው ቡና ላይ ካርታዎቹን እንደገና አይታ «እሱ የትም የለም እኮ» አለች። መምህርቷ መጀመሪያ ተከፋች። ቀጥላ አንድ ወረቀት ወስደው የምታውቀውንና የማታውቀውን ለዩ። የምታውቀው አጠረ፦ የጥሪው ቁጥር፣ ቀኖቹ፣ «ሽማግሌ እልካለሁ» ያለው ስንት ጊዜ እንደሆነ። የማታውቀው ረዘመ፤ ከዚያ ውስጥ ግን አብዛኛው በአንድ ጥያቄ የሚመለስ ነበር፣ ጥያቄውንም ሊመልስ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በዚያው ምሽት መልእክት ላከች፦ «ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው? ወሩን ንገረኝ። ሐሳብህ ከተለወጠም እሱኑ ንገረኝ።» ለሌላ ከተማው ሥራ የማመልከቻ ጊዜው እስከ ዓርብ ነበር። ማመልከቻውን ሰኞ አስገባች፤ መልሱን ሳትጠብቅ።